የወለድና የትርፍ ድርሻ ግብር፦ «ባንኩ ይቀንሳል፣ ጉዳዩ ያልቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በግለሰብ ወለድና የትርፍ ድርሻ ላይ ከምንጩ የሚቀነሰው የመጨረሻ ግብር ለሁሉም እኩል ነው፤ መጣኔው ለድሃውም ለሀብታሙም አንድ ነውና። ከሌላ ገቢ ጋር ተደምሮ ይሰላ የሚለው ሐሳብ የሚጎዳው አነስተኛውን ቆጣቢ ነው፤ ወለዱ ሲደመርበት ወደ ላይኛው ዕርከን ይወጣና ደመወዙ ጭምር በከፍተኛው መጣኔ ግብር ይከፈልበታል። የትርፍ ድርሻ ደግሞ ኩባንያው አስቀድሞ ግብር የከፈለበት ስለሆነ መደመሩ በአንድ ትርፍ ላይ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ከሁሉም በላይ የመጨረሻ ግብር ቀላል ነው፤ ባንኩ ይቀንሳል፣ ጉዳዩ ያልቃል።»

ምላሼን ከሁለተኛው ነጥብ፣ መደመር አነስተኛውን ቆጣቢ ይጎዳል ከሚለው፣ እጀምራለሁ፤ የቀሩት ሦስቱ የሚመዘኑት በእርሱ ስሌት ነውና። በዕርከን የሚሰላ የገቢ ግብር ገቢን በመደብ በመደብ ከፍሎ ለእያንዳንዱ መደብ የራሱን መጣኔ ይሰጣል፤ በላይኛው መደብ ላይ የተጣለው መጣኔ ከታች ያለውን አይነካም። ወለድ በደመወዝ ላይ ሲደመር ደመወዙ ባበቃበት ቦታ ላይ ይቀመጣል እንጂ ደመወዙን ከነበረበት መደብ አያነሣውም። ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። ስሌቱ በማናቸውም ገንዘብ አንድ ዓይነት ስለሆነ የገንዘብ ስም አልጠቅስም፤ መጣኔዎቹም የየትኛውም አገር ሳይሆኑ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው።

በዓመት እስከ 60,000 ያለው ገቢ ከግብር ነፃ ነው እንበል። ከዚያ በላይ እስከ 120,000 ያለው 10 በመቶ፣ ከ120,000 በላይ እስከ 240,000 ያለው 20 በመቶ፣ ከ240,000 በላይ ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። በወለድና በትርፍ ድርሻ ላይ ባንኩ ወይም ኩባንያው ቀንሶ የሚያስቀረው፣ ከዚያ ወዲያ የማይጨመርበትና የማይመለስ የመጨረሻ ግብር ደግሞ 15 በመቶ ይሁን። የምናነጻጽራቸው ሰዎች ሁሉ በዓመት 20,000 ወለድ ያገኛሉ፤ ስለዚህ በመጨረሻው ግብር ሥርዓት ከእያንዳንዳቸው 3,000 ይቀነሳል።

ጸሐፊው የፈሩለትን ሰው እንውሰድ፤ ደመወዙ 115,000 ነው፤ ከዕርከኑ ድንበር 5,000 ብቻ ይቀረዋል። በደመወዙ ላይ የሚከፍለው ግብር ከ60,000 በላይ ባለው 55,000 ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ነው። ወለዱ ሲደመር ጠቅላላ ገቢው 135,000 ይሆናል። ከወለዱ የመጀመሪያው 5,000 ገና በ10 በመቶው መደብ ውስጥ ስለሚያርፍ 500 ይከፈልበታል፤ የቀረው 15,000 በ20 በመቶው መደብ ስለሚገባ 3,000 ይከፈልበታል። በወለዱ ምክንያት የመጣው ግብር 3,500 ነው፤ የደመወዙ ግብር ግን ያው 5,500 ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። መደመሩ ለዚህ ሰው በእርግጥ 500 ያህል ከመጨረሻው ግብር ይበልጥበታል፤ በዚህ ጸሐፊውና እኔ እንስማማለን። ምክንያቱ ግን «ደመወዙ ዕርከን ስለዘለለ» ሳይሆን ከወለዱ ትልቁ እጅ ከ15 በመቶ የሚበልጥ መጣኔ ባለው መደብ ውስጥ ስላረፈ ነው። ምክንያቱ ሲለወጥ መፍትሔውም ይለወጣል፤ የዚህ ሰው ደመወዝ 110,000 ብቻ ቢሆን ኖሮ ከወለዱ ግማሹ በ10 በመቶ፣ ግማሹ በ20 በመቶ ስለሚሰላ ድምሩ 3,000 ይመጣና ሁለቱ ሥርዓቶች እኩል ይሆኑ ነበር። ከ110,000 በታች የሚያገኝ ሁሉ መደመር ይጠቅመዋል፤ ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሁሉ የመጨረሻው ግብር ይጠቅመዋል።

እንግዲህ «አነስተኛ ቆጣቢ» የሚባለውን በትክክል እንፈልገው። ጡረታው 70,000 የሆነ አዛውንት በጡረታው ላይ 1,000 ይከፍላል። ወለዱ ሲደመር ገቢው 90,000፣ ግብሩም 3,000 ይሆናል፤ ወለዱ ያመጣው ጭማሪ 2,000 ብቻ ነው። በመጨረሻው ግብር ግን 3,000 ተቀንሶበታል፤ 1,000 ከልክ በላይ ከፍሏል ማለት ነው። ዓመታዊ ደመወዟ 40,000 የሆነች ሠራተኛ ደግሞ ወለዱ ተጨምሮም ገቢዋ 60,000 ስለማይበልጥ መክፈል የሚገባት ግብር የለም፤ በመጨረሻው ግብር ግን ያው 3,000 ይወሰድባታል፤ የሚመለስላትም የለም። በሌላው ጫፍ 400,000 ደመወዝ ያለው ሰው ወለዱ ቢደመርበት 6,000 ይከፍል ነበር፤ በመጨረሻው ግብር ግን 3,000 ከፍሎ ይሄዳል። መደመርን በአነስተኛው ቆጣቢ ስም የሚቃወም ሰው እነዚህን ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን አቁሞ ቢያይ፣ የሚከላከልለት ሰው ማን እንደሆነ ያስተውላል ብዬ አምናለሁ።

በዚሁ ነጥብ ላይ፣ መደመርን ከሚደግፉት ወገን ራሱ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ ለጸሐፊው ፍትሐዊ አልሆንም። ብዙ ሰው የሚያነጻጽረው የመጨረሻውን ግብር መጣኔ ከደመወዙ አማካይ ግብር ጋር ነው። ደመወዙ 230,000 የሆነ ሰው 28,000 ግብር ይከፍላል፤ ይህ ከደመወዙ 12 በመቶ ገደማ ስለሆነና 12 ከ15 ስለሚያንስ መደመር እንደሚያዋጣው ያስባል። ነገር ግን የእርሱ ወለድ የሚያርፈው በ12 በመቶ ላይ ሳይሆን ደመወዙ ባቆመበት መደብ ላይ ነው፤ 10,000 በ20 በመቶ፣ 10,000 ደግሞ በ30 በመቶ ይሰላል፤ ድምሩ 5,000 ይሆናል። ከመጨረሻው ግብር 2,000 ይበልጣል። መነጻጸር ያለበት ከደመወዙ ቀጥሎ የሚመጣው ገቢ የሚከፈልበት መጣኔ እንጂ የደመወዙ አማካይ አይደለም።

ሌላው ስህተት ግብር ከፋዩ በየዓመቱ ገቢውን በሚያሳውቅበት የግብር ማስታወቂያ ወረቀት ላይ የሚሠራ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያስከፍል እርሱ ነው። መደመርን የሚመርጥ ሰው በገቢው ላይ የሚጨምረው ግብር ሳይቀነስበት የነበረውን ሙሉ ወለድ ነው፤ የተቀነሰው ደግሞ አስቀድሞ እንደተከፈለ ግብር ከጠቅላላው ላይ ይታሰብለታል። ያ ጡረተኛ በባንክ ደብተሩ ላይ የሚያየው 17,000 ብቻ ነው። 17,000ውን ጽፎ የተቀነሰውን 3,000 ካልጠየቀ፣ በደብተሩ ላይ በገባው ገንዘብ ሌላ 1,700 ይከፍላል፤ በድምሩ ከ20,000 ወለድ 4,700 ወጣበት ማለት ነው፤ ይህም ከ20 በመቶው ዕርከን መጣኔ እንኳ የሚበልጥ 23.5 በመቶ ነው። 17,000 ጽፎ 3,000ውን ቢጠይቅ ደግሞ 1,300 ይመለስልኛል ይላል፤ የሚገባው 1,000 ብቻ ስለሆነ ስሌቱ በምርመራ ይወድቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባንኩ በሚሰጠው የቅነሳ ማስረጃ ላይ ሙሉው ወለድ፣ የተቀነሰው ግብርና የተከፈለው ቀሪ ሦስቱም መገኘት አለባቸው፤ ቀሪውና የተቀነሰው ሲደመሩ ሙሉውን መስጠት አለባቸው፤ የተቀነሰው ለሙሉው ሲካፈል ደግሞ በሕጉ የተጻፈውን መጣኔ መስጠት አለበት። አንዱ ካልተገጣጠመ ማስታወቂያውን ከመሙላት በፊት ወደ ባንኩ መመለስ ነው።

የጸሐፊው ሥጋት በአንድ በኩል ግን ቦታ አለው፤ እርሳቸው ባሰቡት በር ባይሆንም። ብዙ አገሮች የቤተሰብ ድጎማን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ቅናሽን ወይም የጤና መድን መዋጮን ከታወቀው የዓመት ገቢ ጋር ያያይዙታል። መደመሩ የታወቀውን ገቢ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ከግብር 1,000 ተመላሽ ያገኘ ሰው በሌላ በኩል ከዚያ የሚበልጥ ድጎማ ሊያጣ ይችላል። ይህ በዕርከኑ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ መምረጥ በቂ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ፣ አንድ መጣኔ ለሁሉም እኩል ነው ወደሚለው፣ እመለሳለሁ። ከላይ ያየናቸው ሰዎች በአንድ መጣኔ ተቀንሶባቸው አንዷ ከማይገባት ላይ 3,000 ሰጠች፤ አንዱ ከሚገባው 3,000 ተረፈው። መጣኔው እኩል ነው፤ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም። በዚህ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ነገር አለ። የመጨረሻ ግብር የሚሰላው በሙሉው ገቢ ላይ ነው፤ ገቢውን ለማግኘት የወጣውን ወጪ በአብዛኛው አይቀንስም። አንድ ሰው ተበድሮ አክሲዮን ገዛ እንበል፤ በዓመቱ 20,000 የትርፍ ድርሻ አገኘ፤ ለብድሩ 15,000 ወለድ ከፈለ። በእጁ የቀረው 5,000 ነው። የመጨረሻው ግብር ግን በ20,000ው ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ይወስዳል፤ ከእውነተኛ ገቢው 60 በመቶ ነው። ብድሩን እንዲቀንስ የሚፈቅድ ሕግ ኖሮ ገቢው ቢደመር፣ በ30 በመቶው ዕርከን ላይ ያለ ሰው እንኳ በ5,000ው ላይ የሚከፍለው 1,500 ብቻ ነበር። እዚህ ላይ መደመር የሚጠቅመው ሀብታሙን ጭምር ነው። ያለ ብድር በገዛ ገንዘቡ የገዛው ጎረቤቱ 3,000 ሲከፍል ከእውነተኛ ገቢው 15 በመቶ ነው፤ ይኸኛው ግን 60 በመቶ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ገደብ መጠቀስ አለበት፤ መደመርን የሚፈቅድ ሕግ ሁሉ ወጪን ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ጀርመን ከ2009 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግለሰብ ወለድና የትርፍ ድርሻ ላይ 25 በመቶ የመጨረሻ ግብርና ከዚያው ግብር 5.5 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ክፍያ ትቀንሳለች፤ ድምሩ 26.375 በመቶ ነው። የእርሱ የገቢ ዕርከን ከዚህ በታች የሆነ ሰው በማስታወቂያው ላይ ቢያመለክት የግብር ባለሥልጣኑ ሁለቱንም አስልቶ የሚሻለውን ይሰጠዋል። ነገር ግን ተራው ባለ አክሲዮን በዚህ መንገድ ሲገባ እንኳ ትክክለኛ ወጪውን መቀነስ አይፈቀድለትም፤ የሚታሰብለት አንድ የተወሰነ የቆጣቢ ነፃ መጠን ብቻ ነው፤ ይህም ከ2023 ጀምሮ ለአንድ ሰው 1,000 ዩሮ ነው። በኩባንያው ውስጥ ቢያንስ 25 በመቶ ድርሻ ያለው፣ ወይም ቢያንስ 1 በመቶ ድርሻ ኖሮት በሥራው በኩባንያው ላይ ከፍ ያለ ተጽዕኖ ያለው ሰው ግን ሌላ መንገድ ተከፍቶለታል፤ ከትርፍ ድርሻው 60 በመቶውን ደምሮ ከወጪውም 60 በመቶውን መቀነስ ይችላል። ከፍ ያለ ድርሻ ያለው ወጪውን ይቀንሳል፤ አነስተኛው ባለ አክሲዮን አይቀንስም። እኩልነትን ለመከላከል የተነሣ ሰው ይህን ልዩነት ቢያስብበት እወዳለሁ።

በገንዘብ ዋጋ መውደቅ ላይ ግን ሁለቱም ሥርዓቶች አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አይፈቱትም። 400,000 በባንክ አስቀምጦ 5 በመቶ ወለድ ያገኘ ሰው፣ በዚያው ዓመት ዋጋ 5 በመቶ ከወጣ በእውነቱ ያገኘው ነገር የለም፤ ይሁንና 20,000ው እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል። መደመርን የምደግፍ ብሆንም ይህን ችግር ይፈታል ብዬ አልሞግትም።

በሦስተኛው ነጥብ፣ በድርብ ግብር ላይ፣ ጸሐፊው ያነሡት ችግር እውነተኛ ነው፤ ያቀረቡት መደምደሚያ ግን አይከተለውም። ኩባንያው 1,000 ትርፍ አግኝቶ 30 በመቶ የኩባንያ ግብር ቢከፍል 700 ይቀረዋል። 700ው ሁሉ ለባለ አክሲዮኑ ቢከፋፈልና 15 በመቶ የመጨረሻ ግብር ቢቀነስበት 105 ይወጣል፤ ባለ አክሲዮኑ 595 ይዞ ይሄዳል። ከ1,000ው በሁለት ጊዜ 405 ወጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ግብር ማለት ይኸው ነው፤ የመጨረሻው ግብርም ሁለተኛ ግብር ነው። መደመሩ በራሱ አዲስ ሁለተኛ ግብር አይፈጥርም፤ የሁለተኛውን መጠን ይለውጣል። በ10 በመቶው ዕርከን ላይ ያለው ጡረተኛ ቢደመርለት በ700ው ላይ 70 ይከፍላል፤ ጠቅላላው 370 ይሆናል፤ ከመጨረሻው ግብር ያንሳል። በ30 በመቶው ዕርከን ላይ ያለው ሰው ቢደመርበት 210 ይከፍላል፤ ጠቅላላው 510 ይደርሳል። ጸሐፊው የሚያሳስባቸው ይህ 510 ከሆነ አሳሳቢነቱ አይካድም፤ ነገር ግን የሚፈታበት የታወቀ መንገድ አለ።

መንገዱ የትርፍ ድርሻውን በከፊል መደመር ነው። ፈረንሳይ ከ2018 ጀምሮ በወለድና በትርፍ ድርሻ ላይ 12.8 በመቶ የገቢ ግብር በአንድ መጣኔ ታስከፍላለች፤ ከዚህ ሌላ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ አለ፤ መዋጮው ግን በየትኛውም ምርጫ ስለሚከፈል ለንጽጽሩ ቅለት ትቼዋለሁ። ግብር ከፋዩ ከፈለገ በዓመታዊ ማስታወቂያው ላይ በዕርከን እንዲሰላለት መምረጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከትርፍ ድርሻው 40 በመቶው ከስሌት ውጭ ይሆንለታል። የፈረንሳይ ዝቅተኛው ግብር የሚከፈልበት ዕርከን 11 በመቶ ነው። በዚህ ዕርከን ላይ ያለ ሰው በትርፍ ድርሻው ላይ የሚከፍለው የ60 በመቶው 11 በመቶ፣ ማለትም 6.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ12.8 ግማሽ ገደማ ነው። ቀጣዩ ዕርከን 30 በመቶ ነው፤ የ60 በመቶው 30 በመቶ 18 ስለሚሆን በዚያ ዕርከን ላይ ያለው ሰው በ12.8ው ቢቆይ ይሻለዋል። ወለድ ደግሞ ያን የ40 በመቶ ቅናሽ አያገኝም፤ በ11 በመቶው ዕርከን ላይ ያለ ሰው ግን አሁንም ትንሽ ያተርፋል።

ወለድ ቅናሹን የማያገኝበት ምክንያት የጸሐፊውን ሦስተኛ ነጥብ ወደ ራሱ ይመልሰዋል። ኩባንያ ለአበዳሪው የሚከፍለው ወለድ ከትርፉ በፊት እንደ ወጪ የሚቀነስ ነው፤ በኩባንያው ደረጃ በአብዛኛው ግብር አይከፈልበትም። ስለዚህ 1,000 ወለድ 15 በመቶ ብቻ ሲወጣበት፣ ከ1,000 ትርፍ የመነጨ የትርፍ ድርሻ ከላይ እንዳየነው 40.5 በመቶ ወጥቶበታል። ለሁለቱም አንድ መጣኔ ያለው የመጨረሻ ግብር ይህን ልዩነት ምንም አያጠበውም። ስለ ድርብ ግብር የሚጨነቅ ሰው ሁለቱን በአንድ መጣኔ የሚያስከፍል ሥርዓትን መከላከሉ ለእኔ ሊገባኝ አልቻለም።

ከፊል ቅናሽ የማይሰጥ የመደመር ሥርዓት ግን የጸሐፊውን ወቀሳ ይገባዋል። ሕንድ እስከ መጋቢት 2020 መጨረሻ ድረስ በሚከፋፈል ትርፍ ላይ ግብሩን ከኩባንያው ትሰበስብ ነበር፤ በአብዛኛው ባለ አክሲዮን እጅ ሲደርስ የትርፍ ድርሻው ነፃ ነበር። ከ2020 ሚያዝያ 1 ጀምሮ ያ ግብር ቀርቶ የትርፍ ድርሻው በባለ አክሲዮኑ እጅ ከሌላ ገቢው ጋር ተደምሮ በዕርከኑ ይሰላል፤ ከምንጩ የሚቀነሰው 10 በመቶም ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ሆኗል። በፊተኛው ሥርዓት ግብር የማይደርስበት ባለ ጥቂት አክሲዮንም የኩባንያውን ሸክም ከትልቁ ባለሀብት ጋር እኩል ይሸከም ነበር፤ በአዲሱ ግን ዝቅተኛው ተቀነሰለት፤ ከፍተኛው ተጨመረበት። ለከፍተኛው የኩባንያው ግብር እንዳልተከፈለ ተቆጥሮ ሙሉው የትርፍ ድርሻ በላይኛው ዕርከን መሰላቱ፣ ድርብ ግብርን በተመለከተ ጸሐፊው የሚሉት ሙሉ በሙሉ የሚሠራበት ቦታ ነው።

በአራተኛው ነጥብ፣ በቀላልነቱ ላይ፣ ከጸሐፊው ጋር ከሁሉም ይበልጥ እቀራረባለሁ፤ ምክንያቱም ከምንጩ መቀነስ ያልነበረበት ዘመን ምን እንደሚመስል ታሪክ አለን። ጀርመን በ1989 መጀመሪያ በወለድ ላይ 10 በመቶ ከምንጩ መቀነስ ጀምራ፣ ገንዘብ ወደ ሉክሰምበርግ ሲጎርፍ በዚያው ዓመት አጋማሽ ተወችው። በ1991 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ በግብር ከፋዩ ማስታወቅ ላይ ብቻ የተመሠረተና ማረጋገጫ የሌለው የወለድ ግብር እኩልነትን እንደሚጥስ ወሰነ፤ ያስታወቀ ይከፍላል፣ የደበቀ አይከፍልምና። በዚያ ውሳኔ ምክንያት ከ1993 ጀምሮ 30 በመቶ ከምንጩ መቀነስ ተጀመረ።

ይሁንና ያ 30 በመቶ የመጨረሻ ግብር አልነበረም፤ እስከ 2009 ድረስ ወለዱ ተደምሮ ይሰላ ነበር፤ የተቀነሰውም ይታሰብለት ነበር። ከምንጩ መቀነስና የመጨረሻ መሆን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጸሐፊው ግን አንድ አድርገዋቸዋል። ባንኩ መቀነሱ የመንግሥትን ገንዘብ ያረጋግጣል፤ ቀላልነቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። የመጨረሻ መሆኑ የሚጨምረው፣ ከፍተኛ ዕርከን ላይ ያለው ሰው ልዩነቱን እንዳይጨምር፣ ዝቅተኛ ዕርከን ላይ ያለው ደግሞ ልዩነቱን እንዳያስመልስ መከልከል ብቻ ነው። የፊተኛው ክልከላ ምክንያት ነበረው፤ ከ30 በመቶው በላይ ያለውን ልዩነት የሚያስታውቅ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ ገንዘቡም ድንበር ተሻግሮ ይሰወር ነበር። ከ2017 ጀምሮ ግን ብዙ አገሮች የነዋሪዎቻቸውን የውጭ የባንክ ሒሳብ መረጃ በየዓመቱ በቀጥታ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ያ ምክንያት ከቀድሞው በጣም ቀሏል። የኋለኛው ክልከላ ግን ከመጀመሪያውም ምክንያት አልነበረውም፤ ከሚገባው በላይ የተወሰደበት ሰው አመልክቶ ቢያስመልስ የሚሰወር ገንዘብ የለም።

ማስታወቂያ መሙላቱ ራሱ ለአነስተኛው ቆጣቢ ሸክም ነው ቢባል ደግሞ እስማማለሁ፤ መልሱ ግን መብቱን መዝጋት አይደለም። በብሪታንያ እስከ 2016 ሚያዝያ ድረስ ባንኮች ከተራ ቆጣቢ ወለድ 20 በመቶ ይቀንሱ ነበር፤ ገቢው ግብር የማይደርስበት ሰው ግን አንድ ቅጽ ለባንኩ ሰጥቶ ወለዱን ሳይቀነስበት መቀበል ይችል ነበር፤ ያልሰጠም በኋላ ማስመለስ ይችል ነበር። ጀርመንም ለዚሁ ሁለት ወረቀቶች አላት፤ አንደኛው ቆጣቢው ለባንኩ የሚሰጠው፣ እስከ 1,000 ዩሮ ድረስ እንዳይቀነስበት የሚያዝ ነው፤ ሁለተኛው ገቢው በጠቅላላ ግብር ለማይደርስበት ሰው የግብር ባለሥልጣኑ የሚሰጠው ማስረጃ ነው፤ ይህን የያዘ ሰው ከ1,000 ዩሮ በላይ ባለውም ላይ አይቀነስበትም። 40,000 ደመወዝ ያላት ያቺ ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ቢኖራት 3,000ው ከመጀመሪያውም አይወሰድባትም ነበር፤ የዓመት ማስታወቂያም ባላስፈለጋት ነበር።

ምርጫው የሚሰጥባቸው ሕጎች ላይ ደግሞ ጸሐፊውን ሊያረጋጋ የሚገባ አንድ ገደብ አለ። በፈረንሳይም በጀርመንም መደመርን የመረጠ ሰው የዓመቱን የዚህ ዓይነት ገቢውን በሙሉ ይደምራል እንጂ የሚጠቅመውን ለይቶ መደመር አይችልም። ወለዱ በ10 በመቶው መደብ ውስጥ እንዲያርፍ ደምሮ፣ ወደ 20 በመቶው የሚያሻግረውን የትርፍ ድርሻ በመጨረሻው ግብር ማስቀረት አይፈቀድም። ስለዚህ 100,000 ደመወዝ፣ 10,000 ወለድና 40,000 የትርፍ ድርሻ ያለው ሰው በእኛ ሰንጠረዥ ወለዱን ብቻ አይቶ መደመር ያዋጣኛል ቢል ይሳሳታል። ሁለቱ ገቢዎቹ 50,000 ናቸው፤ ከዚህ 20,000 በ10 በመቶ፣ 30,000 በ20 በመቶ ይሰላል፤ ድምሩ 8,000 ይሆናል። የመጨረሻው ግብር ግን 7,500 ነው። ይህ ሰው ባለበት ቢቆይ ይሻለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የትርፍ ድርሻው ወደ 20,000 ቢወርድ ግን ሁለቱ ገቢዎቹ 30,000 ሆነው ግብሩ በመደመር 4,000፣ በመጨረሻው ግብር 4,500 ስለሚሆን ምርጫውን መለወጥ አለበት፤ ስሌቱም በየዓመቱ እንደገና መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።